ይርጋ፦ ፎቶም ምስክርም እያለ ክስ ሲወድቅ

ቱሉ ዲምቱ፣ መስከረም 2014 ነው እንበል። ጎረቤት መሠረት ሲያስቆፍር የእትዬ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ፎቶ አለ፣ ምስክርም አለ። ሰውዬው ግን «እትዬ፣ በሽማግሌ እንጨርሰው» እያለ፣ ቡና እየተጠጣ ኅዳር 2016 ገባ። ክሱ የተከፈተው ያኔ ነው።

ተከሳሹ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው «በይርጋ ታግዷል» አለ፤ ማለትም ክስ የሚቀርብበት ጊዜ አልፏል። አለቀ። ፎቶውን ማንም አላየውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት፣ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው 10 ዓመት በመርህ ለውል ጉዳይ ነው።

ሽምግልና ብቻውን ቆጠራውን አያቆመውም፤ ክስ መክፈት ግን ያቋርጠዋል። የሚያናድደው፣ ተከሳሹ ይርጋን ባያነሳ ኖሮ ዳኛው በራሱ አያነሳውም ነበር።