ትንቢትና "የተመረጠው" ጀግና በኤፒክ ፋንታሲ

በኤፒክ ፋንታሲ ትንቢት ማለት አስቀድሞ የተነገረ ቃል ነው። አንድ ሰው ይመጣል፣ ክፉውን ይጥላል ይላል። የተመረጠው የሚባለውም ያ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ማንነቱን የማያውቅ ወላጅ አልባ ልጅ። ለደራሲ ትልቅ ማሳጠሪያ ነው፣ ምክንያቱም ተራ ልጅ በነገሥታት መካከል ምን እንደሚሠራ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ችግሩ ግን ትንቢቱ መጨረሻውንም አብሮ ያወጣዋል። ልጁ እንደሚያሸንፍ እያወቅን ምን ያስጨንቀናል?

ደራሲዎች ትንቢቱን የሚጠመዝዙት ለዚህ ነው። የቆየው መንገድ የቃል ወጥመድ ነው። በቶልኪን የ1955 መጽሐፍ ናዝጉል የሚባሉት የክፉው ጌታ አገልጋዮች አለቃ በወንድ እጅ አይወድቅም ተብሎለት ነበር፤ የጣሉት ኤዎዊን የተባለች ሴትና ሆቢት ከሚባሉት ትንንሽ ፍጡራን አንዱ ናቸው። የፍራንክ ኸርበርት ዱን (1965) ደግሞ ትንቢቱን ለራሳቸው ጥቅም ሆን ብለው የዘሩ ሰዎች እንዳሉ ያሳያል። ዱን ሳይንስ ፊክሽን ነው የሚሉ አሉ፣ ይሁን፤ ፋንታሲው ግን ከእሱ ብዙ ተምሯል።

ከሁሉም የሚልቀው በእኔ እምነት የብራንደን ሳንደርሰን ሚስትቦርን ነው (ከ2006 እስከ 2008 የወጡት ሦስት መጻሕፍት)። ያላነበባችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፣ መጨረሻውን ልናገር ነው።

እዚያ ዓለም ውስጥ ሩይን የሚባል የጥፋት ኃይል ታስሯል። ታስሮም ቢሆን በብረት ላይ ያልተቀረጸን ጽሑፍ ሁሉ መለወጥ ይችላል። ክዋን የተባለ ሊቅ ይህን ይደርስበታል። ያነበበውን የማይረሳ ሰው ስለነበር፣ የትንቢቱ መጻሕፍት እሱ ከሚያስታውሰው ጋር አልገጠሙም። ማስጠንቀቂያውን በብረት ላይ ቀረጸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳዜድ የሚባል ምሁር ያገኘውና ወረቀት ለጥፎ በከሰል ይገለብጠዋል። ጉዱ ያለው እዚህ ነው፤ ብረቱ አይለወጥም፣ ወረቀቱ ግን ይለወጣል። ብረቱ የታሰረው ነገር እንዳይለቀቅ ያስጠነቅቃል፣ ወረቀቱ ግን ጀግናው እስሩ ባለበት ቦታ የሚያገኘውን ታላቅ ኃይል ለራሱ እንዳይወስድ የሚል ሆነ። የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ቪን የተመረጠችው እኔ ነኝ ብላ ታምናለች። የምትወደው ሰው እየሞተ እንኳ ኃይሉን ለራሷ ሳትይዝ ትለቀዋለች። እስሩ የሚፈታው ኃይሉ ሲለቀቅ ነበርና ሩይንም በዚያው ቅጽበት ነፃ ወጣ። የጣላት ራስ ወዳድነት አይደለም፣ ከጀግና የሚጠበቀውን ማድረጓ ነው።

ብዙ ደራሲዎች የሚሳሳቱት ትንቢቱ ከመጀመሪያው ባዶ ነበር ብለው ሲዘጉት ነው፤ ያን ጊዜ አንባቢ ተታለልኩ ይላል፣ እውነቱንም ነው። ጥሩ ጠማማ ትንቢት ተመልሰው ሲያነቡት ይገጥማል። እዚህ የተመረጠው ሳዜድ ሆኖ ይገኛል። ዕድሜውን የጠፉ ሃይማኖቶችን ሲሰበስብ ኖሯል፣ በሦስተኛው መጽሐፍ ግን አንዳቸውንም ማመን አቅቶት ነበር። ኃይሉ በእጁ ሲገባ የፈረሰችውን ዓለም መልሶ የሚሠራው በእነዚያው እምነቶች ውስጥ ተጠብቀው በቆዩት የካርታና የከዋክብት ዕውቀቶች ነው።