ከሚኒባስ ስትቀርጹ ምሰሶው ለምን ያዘነብላል?

ሐዋሳ ውስጥ በሚኒባስ ጎን መስኮት በስልክ ስትቀርጹ የመብራት ምሰሶዎቹ ዘንበል ይላሉ፤ አንዳንዴም ምስሉ እንደ ጄሊ ይርገፈገፋል። ሁለቱም «ሮሊንግ ሻተር» የሚባለው ነገር ውጤት ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

የስልክ ካሜራ ምስሉን በአንዴ አያነሳም፤ ስልኩ በአግድም ሲያዝ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነባል። ንባቡ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 10 ሜትር ስለሚጓዝ፣ በዚያች ቅጽበት 20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ምስሉን ከላይ እስከ ታች የሞላ ምሰሶ ጫፉና እግሩ በ20 ሴንቲ ሜትር ይዛነፋሉ። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ዝንባሌውም በግማሽ ይቀንሳል። ሾፌሩን «ቀስ በል» ማለት የማይሆን ከሆነ በፊት መስታወት በኩል ወደ ፊት ቅረጹ።

ብዙ ሰው ስሙ አሳስቶት የሻተር ፍጥነት ይጨምራል። ያ ብዥታን ይቀንሳል እንጂ የመስመሮቹን ንባብ አያፋጥንም፤ እንዲያውም ምስሉ ሲጠራ መርገፍገፉ ይብስ ጎልቶ ይታያል።

መርገፍገፉን የሚያመጣው ንዝረት ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ቅረጹ፤ ምስሉ ያኔም ከተርገፈገፈ ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም። ስልኩን መስታወቱ ላይ አታስደግፉ፣ ክርናችሁንም ከመስኮቱ ጠርዝ አንሱ። በሁለት እጅ በአየር ላይ ስትይዙት ክንዳችሁ ፈጣኑን ንዝረት ይውጠዋል። የሚተርፈውን ቀርፋፋ መወዛወዝ የኤዲቲንግ መተግበሪያ ያረጋጋዋል፤ በአንዱ ምስል ውስጥ የተጣመመውን ግን ተራ ማረጋጊያ አያቀናውም፣ ሙሉውን ምስል ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው።