«10YR 5/1» ምንድን ነው? የአፈር ቀለም በሦስት ምልክት

አንድን ጓል ለሦስት ሰዎች ብታሳዩ አንዱ ቡናማ ነው ይላል፣ ሁለተኛው ቀላ ያለ፣ ሦስተኛው ደግሞ አመድማ። ሦስቱም ያዩት አንድ አፈር ነው፤ የተለያየው ስሙ ነው። የአፈር ባለሙያዎች ይህን ችግር የፈቱት የመንሴል የቀለም ሰንጠረዥ በሚባለው መጽሐፍ ነው። የቀለም አሰያየም ሥርዓቱን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያወጣው አልበርት መንሴል አሜሪካዊ ሠዓሊና የሥዕል መምህር ነበር። ለአፈር የዋለው ከእሱ በኋላ ነው።

መጽሐፉ በትንንሽ ባለቀለም ካርዶች የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ገጽ አንድ የቀለም ወገን ይይዛል። ይህ ሂው የሚባለው ሲሆን R ለቀይ፣ Y ለቢጫ፣ YR ደግሞ በሁለቱ መካከል ላለው ነው። በYR ገጾች ላይ ቁጥሩ ከ2.5 ወደ 10 ሲያድግ ቀዩ እየቀነሰ ቢጫው ይጨምራል። ስለዚህ 2.5YR ቀይ አፈር የሚገኝበት ገጽ ነው፤ 10YR ደግሞ አብዛኛው ቡናማ አፈር የሚውልበት። በገጹ ላይ ከታች ወደ ላይ ስትወጡ ቀለሙ ከጥቁር ወደ ፈካ ይሄዳል። ይህ ቫልዩ ነው፤ 0 ጥቁር፣ 10 ነጭ። ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ደግሞ ቀለሙ ከደብዛዛ ወደ ደማቅ ይለወጣል። ይህ ክሮማ ነው። እንግዲህ 10YR 5/1 ማለት ወገኑ 10YR፣ ፍካቱ 5፣ ድምቀቱ 1 የሆነ አፈር ነው። በቃል ሲገለጽ ግራጫ ነው።

ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ፍካቱ ላይ ነው፤ ጥቁር አፈር ለም ነው ስለሚባል። አባባሉ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ብስባሽ አፈርን ያጠቁራል። ነገር ግን ዋልካ አፈር ብስባሹ አነስተኛ ሆኖም ጥቁር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጥቁረቱ ብቻ ተነስቶ ለምነትን መናገር አያስተማምንም። በእኔ እምነት ገበሬን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የመጨረሻው ቁጥር፣ ክሮማ፣ ነው። ምክንያቱ ብረት ነው። አየር በሚያገኝ አፈር ውስጥ ቅንጣቶቹ በቀጭን የብረት ዝገት ተለብጠዋል፤ ቡናማውንና ቀዩን ቀለም የሚሰጠው እሱ ነው። አፈሩ በውኃ ተሞልቶ ሲቆይ ኦክስጅኑ ያልቃል። ያን ጊዜ ጥቃቅን ሕዋሳት በኦክስጅኑ ፈንታ ዝገቱን ይጠቀማሉ፣ ብረቱም ይሟሟና ከውኃው ጋር ከቦታው ይሄዳል። ልብሱን የተገፈፈው ቅንጣት ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ ክሮማውም ወደ 2 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። የሟሟው ብረት አየር የሚገባበት የሥር ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ላይ ሲደርስ ደግሞ መልሶ ይዝጋል፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብና መስመርም ይሠራል።

አንድ ማሳ ላይ ያየሁትን ላንሳ። ቦታው የተዳፋት ግርጌ ነው። በቆሎው በየክረምቱ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። ባለቤቱ ዩሪያ ጨምረው ሞክረዋል፣ ለውጥ አላዩም። ጉድጓድ የቆፈርነው በበጋ ስለነበር እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ድረስ ጠብታ ውኃ አላገኘንም። ከጉድጓዱ ግድግዳ ጓል አወጣሁና በጣቴ ሳላሸው ለሁለት ከፈልኩት፤ ማንበብ ያለብን አዲሱን ገጽታ ነውና። የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ደረቁን 10YR 5/2 ነበር። በመርጫ ውኃ አርከፈከፍኩበት፤ መጥቆሩን እስኪያቆም ጠበቅሁ፣ የላዩ የውኃ ብልጭታም እስኪጠፋ። እርጥቡ 10YR 3/2 ሆነ። ወገኑና ድምቀቱ አልተነቃነቁም፤ ፍካቱ ግን ሁለት ደረጃ ወረደ። ደረቅ ወይም እርጥብ ብሎ ያልጻፈ ሰው የሰጠው ቁጥር ለማነጻጸር የማይረባው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ20 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ያለው እርጥቡ 10YR 4/4 ነው፤ አየር የሚያገኝ ጤናማ ቡናማ። ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ግን 5/2 የሆኑ ደብዛዛ ነጠብጣቦች እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ጀመሩ። ከ45 በታች ነገሩ ተለወጠ፤ ግድግዳው 10YR 5/1 ሆነ፣ በግራጫው መሐል ደግሞ የሥር ቀዳዳዎችን ተከትለው 7.5YR 5/8 የሆኑ ደማቅ የዝገት መስመሮች ይወርዳሉ። ጉድጓዱ ደረቅ ነው፣ ግድግዳው ግን ሌላ ይናገራል፤ ከ45 በታች ያለው አፈር በዓመት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ በውኃ ተይዞ ይቆያል፣ አልፎ አልፎም ውኃው እስከ 35 ይደርሳል። የዩሪያው ነገርም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ከማዳበሪያው የሚገኘው ናይትሬት አየር ባጣ አፈር ውስጥ በሕዋሳት ወደ ጋዝ ይለወጥና ያመልጣል። ሥሩም አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይሰበሰባል።

ቀለሙን ራሱን ማንበብ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ትልቁ ብርሃን ነው። አንድ ጊዜ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል 5YR ብዬ የጻፍኩትን ጓል በማግስቱ ረፋድ ላይ ሳየው 7.5YR ሆኖ አገኘሁት፤ የምሽቱ ብርሃን ቀልቶ አፈሩንም አቅልቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፀሐይዋ ከፍ ሳትል አላነብም፤ ብርሃኑ በትከሻዬ በኩል በቀጥታ ጓሉ ላይ እንዲያርፍ እቆማለሁ፣ ባለቀለም መነጽርም አላደርግም። ጓሉን ከካርዶቹ አጠገብ ካሉት ቀዳዳዎች ኋላ ይዤ በመጀመሪያ ገጹን እመርጣለሁ፣ ቀጥሎ ፍካቱን፣ በመጨረሻ ድምቀቱን። ካርዶቹን በአፈር እጅ መንካት አይገባም፤ ቆሻሻም ሆነ ፀሐይ ቀለማቸውን ይለውጣል፣ የደበዘዘ ካርድ ደግሞ ሁልጊዜ ያሳስታል። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ሰው ገጹን ሌላ ሰው ቢመርጥለት ይሻላል።

ግራጫ ሁሉ ውኃ ነው ማለትም አይደለም። ብረት ከመጀመሪያውም ያልነበረው አሸዋ ወይም ከግራጫ ድንጋይ የተፈጠረ አፈር፣ ውኃ ሳይቆምበትም ክሮማው ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ የምፈልገው ግራጫውና ዝገቱ ጎን ለጎን መሆናቸውን ነው። ያም ቢሆን አሮጌ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከብዙ ዘመን በፊት ውኃ ይቆምበት የነበረና ዛሬ የደረቀ ቦታ ቀለሙን ይዞ ይቆያል። የዝገቱ ጠርዝ በቢላዋ እንደተቆረጠ ጥርት ያለ ከሆነ አሮጌነቱን እጠረጥራለሁ። ወደ ግራጫው እየሳሳ የሚገባና የዛሬውን ሥር የሚከተል ከሆነ ግን ሥራው አሁንም ቀጥሏል።

በዚያ ማሳ ላይ የዝገቱ ጠርዝ የሳሳ ነበር። ለማረጋገጥ ባለቤቱን «በክረምት እዚህ ቦታ ላይ ምን ይታያል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዝናቡ ካቆመ በኋላም ሳምንት ያህል እግር ይሰጥማል» አሉኝ። የተነጋገርነው ስለ ተጨማሪ ዩሪያ አልነበረም፤ ከተዳፋቱ የሚወርደውን ውኃ ከማሳው በላይ ስለሚቀለብስ ቦይ፣ በቆሎውን በመደብ ላይ ስለመዝራትና ዩሪያውን ከፋፍሎ ስለመስጠት ነበር። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ነው፤ «ከ45 ሴ.ሜ. በታች፣ እርጥብ፣ 10YR 5/1፣ ዝገት 7.5YR 5/8 በሥር ቀዳዳ ዙሪያ፣ ጠርዙ የሳሳ»።