የቋንቋ ወሳኝ ዕድሜ ምንድን ነው? ሕፃናት አዲስ ቋንቋ ከአዋቂዎች ይልቅ በቀላሉ የሚይዙበት ምክንያት

በዐረብኛ ሥራ «ዐመል» ሲባል ተስፋ ደግሞ «አመል» ይባላል። ሁለቱን ቃላት የሚለያቸው የመጀመሪያው ድምፅ ነው፤ ዐይኑ ዐ ጉሮሮን ጠበብ አድርጎ ከውስጥ ይወጣል፣ አልፋው አ ግን እንደ እኛው አ ቀለል ብሎ ይሰማል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሁለቱንም ፊደላት ከግእዝ ወርሰን እንጽፋቸዋለን እንጂ የድምፅ ልዩነታቸውን ከተውን ብዙ ዘመን ሆኖናል። ስለዚህ በሃያ አምስት ዓመቷ ወደ ዐረብ አገር የሄደች ሴት ዐረብኛን አቀላጥፋ መናገር ከቻለች በኋላም «ሥራ» ያለችው ቃል ለሰሚው «ተስፋ» ሊመስል ይችላል፤ እዚያው ተወልዶ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት ያደገው ልጇ ግን ማንም ሳያስተምረው ይለየዋል። ትግርኛ ልማር ብዬ ከጎረቤቴ ጋር ስለፋ እኔም ሐመሩ ሐ ላይ እንዲሁ ተሰናክያለሁ። ጎረቤቴ ደጋግመው ሲነግሩኝ ልዩነቱን የያዝኩ ይመስለኛል፤ ያው ድምፅ በፈጣን ንግግር መካከል ሲመጣ ግን ጆሮዬ ከሀሌታው ሀ ጋር ይቀላቅልብኛል።

ቋንቋ ያለ ትምህርት በቀላሉ የሚያዝበት የልጅነት ዘመን በቋንቋ ጥናት «ወሳኝ ዕድሜ» ይባላል። ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀው ኤሪክ ሌነበርግ በ1967 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ባሳተመው መጽሐፉ ሲሆን፣ እርሱ ወሰኑን ከሁለት ዓመት እስከ ጉርምስና ድረስ አድርጎት ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች አንድ በር በአንድ ቀን ይዘጋል ብለው አያምኑም፤ ለድምፅ የሚሆነው ጊዜ ቀድሞ ይጠባል፣ ለሰዋስው የሚሆነው ዘግየት ይላል፣ ለቃላት ግን እስከ እርጅና ክፍት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ልጅ በቀላሉ ይይዛል ሲባል በፍጥነት ይይዛል ማለት አይደለም። በ1978 ታትሞ በወጣ አንድ ጥናት ወደ ሆላንድ የሄዱ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደችን እንዴት እንደሚማሩ ለአንድ ዓመት ያህል ሲታይ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የቀደሙት ጎረምሶችና አዋቂዎች ነበሩ፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉት ሕፃናት ወደ ኋላ ቀርተዋል። ምክንያቱ አያስገርምም፤ አዋቂ ሕግ ሲነገረው ይገባዋል፣ ጽፎ ይይዛል፣ ከሚያውቀው ቋንቋ ጋር ያነጻጽራል። የሕፃኑ ብልጫ የሚታየው ከዓመታት በኋላ በሚደርስበት ደረጃ ነው። በዚያ ላይ የምንመዝነው በአንድ ሚዛን አይደለም፤ ከአራት ዓመት ልጅ የሚጠበቀው «ስጠኝ፣ የኔ ነው» ሲሆን ከአባቱ የሚጠበቀው የቤት ኪራይ ውል ማንበብ ነው።

የሕፃኑ ብልጫ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው በጆሮ ስለሆነ ነገሩን ከዚያ ማየት ይሻላል። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች በ1984 ያሳተሙት ሙከራ አሠራሩ ቀላል ነው። ሕፃኑ ወላጁ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ከድምፅ ማጉያ አንድ ድምፅ እየተደጋገመ ይሰማል፤ ድምፁ ሲለወጥ በጎን ባለ ጥቁር ሣጥን ውስጥ የአሻንጉሊት እንስሳ መብራት በርቶለት ይንቀሳቀሳል። ሕፃኑ ይህን ከለመደ በኋላ ለውጡን ከሰማ አሻንጉሊቱ ሳይመጣ ራሱን ወደ ሣጥኑ ያዞራል፤ ካልሰማ አያዞርም። ለሙከራው የተመረጡት እንግሊዝኛ የማይለያቸው ድምፆች ነበሩ። ከሂንዲ የተወሰዱት ሁለቱም ለእንግሊዝኛ ጆሮ ት ናቸው፤ አንደኛው ምላስ ጥርስ ነክቶ፣ ሌላው የምላስ ጫፍ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚነገር ነው። ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ከተወሰዱት ደግሞ አንዱ የእኛን ቀ ይመስላል፣ ሌላው ጠልቆ ከእንጥል አካባቢ ይወጣል። ከስድስት እስከ ስምንት ወር የሆናቸው፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ ሕፃናት አብዛኞቹ ልዩነቱን ሰሙት። ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ወር የሆናቸው ግን ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ የሰሙት። ጆሮ መምረጥ የሚጀምረው እንግዲህ ልጁ ገና «እማ» ማለት ሲለምድ ነው።

የዐሥር ወሩ ሕፃን የመስማት ኃይሉ አልቀነሰም። አእምሮው በየቀኑ የሚሰማቸውን ድምፆች በድግግሞሻቸው ይመድባል፤ በቤቱ ቋንቋ ትርጉም የሚለውጠውን ልዩነት እያጠራ የማይለውጠውን ቸል ይላል። አማርኛ በሚነገርበት ቤት «ከሰሰ» እና «ቀሰሰ» ፍጹም የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ የከ እና የቀ ድንበር ይጠነክራል፤ የሀ እና የሐ ድንበር ግን ምንም ጥቅም ስለሌለው ይፈርሳል። ይህ ምደባ የራስን ቋንቋ በፍጥነት ለመስማት ይበጃል፤ ጉዳቱ በኋላ የሚመጣው አዲስ ቋንቋ በቀድሞው ምድብ ውስጥ አልፎ መሰማቱ ነው። አዋቂው ዐረብኛን የሚሰማው በአማርኛ ጆሮ ነው ማለት ይቻላል፤ ሕፃኑ ግን ምድቡን ገና እየሠራ ስለሆነ ሁለት ቋንቋ ቢሰማ ለሁለቱም የሚሆን ይሠራል።

ድምፁ ግን ከሰው መምጣት አለበት። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ባሳተሙት ጥናት በሲያትል የሚያድጉ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ማንዳሪን ቻይንኛ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ዐሥራ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። በድምሩ አምስት ሰዓት ብትሆንም የማንዳሪንን የድምፅ ልዩነት ለመጠበቅ በቃቻቸው። እነዚያኑ ሰዎች በቴሌቪዥን ወይም በድምፅ ብቻ የተከታተሉት ሕፃናት ግን ምንም አልያዙም። ልጁ ካርቱን እያየ እንግሊዝኛ ይለምዳል ብሎ ስልክ ለሚሰጥ ወላጅ ይህ ውጤት ሊታወቅ ይገባል፤ ቢያንስ በዚህ ዕድሜ።

ሰዋስው ዘግየት ብሎ ይከተላል። በ1989 የታተመው የጆንሰንና የኒውፖርት ጥናት ከሦስት እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ባለው ዕድሜ አሜሪካ የገቡ 46 የቻይናና የኮሪያ ተወላጆችን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብሎ ጠይቋል። ከሰባት ዓመታቸው በፊት የገቡት ከአገሬው ሰው አልተለዩም፤ ከዚያ በኋላ ውጤቱ እስከ ጉርምስና ድረስ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ሄደ። በአዋቂነት በገቡት መካከል ግን ዕድሜ ብዙም አልወሰነም፤ ልዩነቱ ከሰው ሰው ነበር። ሃያ ዓመቱን ያለፈ ሰው ዐሥር ዓመት ዘገየሁ ብሎ የሚጸጸትበት ምክንያት የለውም ማለት ነው።

ጆሮም ቢሆን ፈጽሞ አይዘጋም። የእንግሊዝኛን ር እና ል መለየት የሚቸግራቸው ጃፓናውያን አዋቂዎች ያንኑ ቃል ከብዙ የተለያዩ ተናጋሪዎች እየሰሙና መልሳቸው ወዲያው እየታረመ ሲለማመዱ ይሻሻላሉ። አንድ አስተማሪ ብቻ ሲሆን ግን ሰውየውን ለምደው ድምፁን ሳይለምዱ ይቀራሉ፤ የእኔም የሐመሩ ሐ ችግር ሳይሆን አይቀርም።

በቀላሉ የገባ ቋንቋ በቀላሉ ሊወጣም ይችላል። በ2003 በፈረንሳይ በተደረገ ጥናት ከሦስት እስከ ስምንት ዓመታቸው ከኮሪያ በጉዲፈቻ የመጡ ሰዎች አድገው ኮሪያኛ ሲያዳምጡ አንጎላቸው ቋንቋውን ሰምተው ከማያውቁ ፈረንሳውያን የተለየ ምላሽ አላሳየም፤ ልጆች ሆነው አቀላጥፈው ይናገሩት የነበረውን ቋንቋ ከሌላ መለየት አልቻሉም። በ2014 በሞንትሪያል የተጠኑት ግን ገና በጨቅላነታቸው ከቻይና ወደ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የመጡ ልጆች ናቸው። ከቻይንኛ አንድም ቃል አያስታውሱም ነበር፤ ሆኖም የቻይንኛን የቃና ልዩነት ሲሰሙ አንጎላቸው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚናገሩ ልጆች ሠራ።