የመርሳት በሽታ ሲረጋገጥ ሐኪሙ ለቤተሰብ የሚጽፈው ደብዳቤ

ሐኪሙ ምርመራው ካበቃ በኋላ ለቤተሰብ የሚጽፈው ደብዳቤ ለሌላ ሐኪም ከሚላከው የሪፈር ወረቀት የተለየ ነው፤ የሚያነቡት ልጆች ናቸው፣ እነሱም ሕመሙን የሚያዩት በእኩል አይደለም። ውጭ አገር ያለው ልጅ በስልክ ለአሥር ደቂቃ ሲያወራ እናቱ ሰላምታና ምርቃቱን ሳይዛነፍ ስለሚያደርሱ «ደህና ናቸው» ይላል፤ አብራቸው የምትኖረው እኅት ደግሞ ቡናው ምድጃ ላይ ተረስቶ ሲያር ታያለች። ደብዳቤው ሁለቱንም አንድ ዓይነት ነገር እንዲያነቡ ያደርጋል።

የ74 ዓመት እናት እንውሰድ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁለት ጊዜ መንገድ ጠፍቷቸዋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ገንዘብ መቁጠር አቅቷቸዋል። ሐኪሙ በደብዳቤው ይህ የእርጅና መጃጀት ብቻ እንዳልሆነ ይገልጻል፤ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራው ደህና እንደሆነ፣ የአንጎል ምስሉም ደም መፍሰስ እንዳላሳየ፣ ድብርትም እንዳልተገኘባቸው ጠቅሶ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚገመተው አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ዓይነት መሆኑን ይጽፋል። ከ30 የሚታረመውን የማስታወስ ፈተና ውጤት ግን ብቻውን ማስረጃ አያደርገውም፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ጽሑፍ አንብብ፣ ዓረፍተ ነገር ጻፍ የሚል ጥያቄ የሚለካው ትምህርትን እንጂ ሕመምን አይደለምና። የልጃቸው ምስክርነት እዚህ ከቁጥሩ ይበልጣል።

አስቸጋሪው ክፍል የወደፊቱ ዓመታት ነው። ብዙዎች ከምርመራው በኋላ ከ4 እስከ 8 ዓመት ይኖራሉ፣ አንዳንዶችም እስከ 20፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ዓመት ቆርጦ አይጽፍም፣ የሚመጣውን ቅደም ተከተል ይነግራል እንጂ። መጀመሪያ የቅርቡ ይረሳል፣ የልጅነቱ ይቀራል። ከሁሉ የሚረዝመው መካከለኛው ጊዜ ነው፤ እናት ያስቀመጡትን ብር ረስተው ልጃቸውን «ሰረቅሽኝ» ሊሏት፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅም «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ሊሉ ይችላሉ። እዚህ ላይ መከራከር አያዋጣም፤ ብሩን አብሮ መፈለግ ይሻላል። በመጨረሻው ምዕራፍ መራመድና መዋጥ ይከብዳል፤ ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያስከትለው የሳንባ ምችም ከተለመዱት የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው።

በሽታው በወራትና በዓመታት እንጂ በአንድ ሌሊት አይባባስም። ትናንት ልጃቸውን በስሟ ይጠሩ የነበሩ እናት ዛሬ ከተቃዡ ወይም ከደነዘዙ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ መውደቅ ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቀን መታየት አለባቸው። ይህ አንቀጽ በብዙ ደብዳቤዎች መዘለሉ ያስገርማል።

ለዚህ በሽታ ስለሚታዘዘው መድኃኒት፣ ስለ ዶኔፔዚል፣ ሲጽፍ ሐኪሙ ቃሉን ይመጥናል። በቀን 5 ሚሊግራም ይጀመራል፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላም ወደ 10 ሊያድግ ይችላል፤ ምልክቱን ለጊዜው ቢያቀል እንጂ በሽታውን አያቆምም፤ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ ወይም የልብ ምት መዘግየት ካመጣ ይነገረዋል። ውክልናና የንብረት ጉዳይም እናት ራሳቸው አስረድተው መወሰን በሚችሉበት በዚህ ወቅት እንዲያልቅ ያሳስባል፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ከ6 ወር በኋላ መሆኑን ጽፎም፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነመያዣው ይዘው እንዲመጡ ይጠይቃል።