ፊደል ማስተማር የግድ ከ«ሀ» ይጀመራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ክፍል ፊደል ከሚጀምሩት ልጆች አንዱ ቤቱ ሶማሊኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ፣ ሌላው አማርኛ ይናገራል። ወላጆች ግን ስለ ፊደል የሚሉት ተመሳሳይ ነው።

«ልጄ ከሀ እስከ ፐ ትወጣዋለች፤ ማንበብ ችላለች።»

ጣትዎን «የ» ላይ አድርገው ይጠይቋት። ከ«ሀ» ጀምራ በዜማ እየወረደች «የ» ላይ ከደረሰች፣ የያዘችው ዜማውን ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይቆጠራል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል የለመደችው ተራ ይሰበርና ዓይኗ ቅርጹን ለማየት ይገደዳል። እርስዎም ፊደሎቹን በካርድ ጽፈው በውዘው ያሳዩዋት።

«ከሀ ካልተጀመረ ልጁ ይደናገራል።»

እስቲ የመጀመሪያዎቹን ሰባት እንያቸው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። በአማርኛ «ሀ» እና «ሐ» አንድ ድምፅ ናቸው። «ሠ» እና «ሰ»ም እንዲሁ። ገና ምንም ያላነበበ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ ድምፅ ሁለት ቅርጽ እንዲይዝ እየጠየቅነው ነው። በየመስመሩ የሚመላለሱት ት፣ ን፣ ም፣ ር፣ ው ደግሞ ሳድስ ናቸው። 33ቱን ግዕዝ መጀመሪያ ላስጨርስ ያለ መምህር ጋ እነሱ የሚመጡት በጣም ዘግይተው ነው።

ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከሚያገለግሉት እንነሳ። በ፣ ቤ፣ ር፣ ት፣ ነ፣ ው፣ ም፣ ን። ስምንት ብቻ ናቸው፤ ቅርጻቸውም ብዙ አይምታታም። ከእነሱ በር፣ ቤት፣ ነው፣ ነበር፣ ምን ይወጣል። «ምን ነበር? ቤት ነው።» ብሎ ዓረፍተ ነገር ማንበብ ይቻላል። «ባ» እና «ቡ» ሲጨመሩ «ባቡር» ይመጣል፤ የድሬ ልጅ ይህን ቃል ትርጉሙን ማስረዳት አያስፈልገውም። በቀን ሁለት ወይም ሦስት አዲስ ፊደል ይበቃል፤ ትምህርቱም ሁልጊዜ በትናንቱ ይጀምር። የሀሁ ተራ በመዝገበ ቃላት ቃል ለመፈለግ ያስፈልጋል፤ ፊደሎቹን ካወቀ በኋላ ግን ተራውን መያዝ አይከብደውም።

«የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ካሳየነው ልዩነታቸውን ቶሎ ይይዛል።»

ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «በ» እና «ሰ» በአንድ ቀን አዲስ ሆነው ሲመጡ ልጁ ሁለት ቅርጽና ሁለት ድምፅ ይይዛል፤ የትኛው ድምፅ የየትኛው እንደሆነ ግን አይዝም። ሳምንት ሙሉ እያፈራረቀ ይጠራቸዋል። «በ» አስቀድሞ ይጥና። በር፣ ነበር የሚሉትን ሳያመነታ ሲያነብ «ሰ» ይምጣ። ጎን ለጎን ማወዳደሩ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው፤ «ሰ» ከላይ ቀንድ አላት፣ «በ» የላትም።

ከዚህ የሚብሰው «ባ» እና «ቦ» ነው። «ባ» የቀኝ እግሩ ይረዝማል፤ «ቦ» የግራው። ሳ እና ሶ፣ ዳ እና ዶ፣ ሻ እና ሾም እንደዚሁ ናቸው። ቅርጹ ያው ሆኖ የሚገለበጠው ጎኑ ብቻ ስለሆነ ግራና ቀኙን ያልለየ ልጅ ይስታል። መጀመሪያ ራብዑን በብዙ ቃል አስለምዱት፤ ባቡር፣ ሳር፣ ዳር። ሳብዑን ለብቻው ቆይታችሁ አምጡት። በመጨረሻ «ዳቦ» ጻፉለት። ሁለቱም እግር በአንድ ቃል ውስጥ አለ፤ ረጅሙን እግር በጣቱ እያስነካችሁ ያንብብ። «ዶባ» ካለ ጎኑን እያየ አይደለም፤ ወደ ራብዑ ተመለሱ። በትክክል ካነበበም ወዲያው አትመኑት፤ ቃሉን ገምቶ ሊሆን ይችላል። «ቦዳ» ብላችሁ ትርጉም የሌለው ቃል ጽፋችሁ ፈትኑት። እዚያ መገመት የለም።

ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘም ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ግን የተጨመረችው ጭረት ስለምትታይ ያን ያህል አይከብዱም።

«ቁቤ የሚያነብ ልጅ ፊደል ይምታታበታል።»

ቁቤ ማንበቡ ይረዳዋል፤ ጽሑፍ ድምፅን እንደሚወክል አስቀድሞ ገብቶታል። የሚያሳስተው አንድ ነገር ነው። በቁቤ አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ «ቤ»ን ሲያይ ተነባቢውን ብቻ ጠርቶ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። በፊደል አናባቢው እዚያው ምልክቱ ላይ ተቀጥሏል። ቡ፣ ቢ፣ ቤን አሰልፉና ቅጥያውን ያግኝ፤ በ«ቡ» ከወገቡ በስተቀኝ፣ በ«ቢ» ከእግሩ ሥር፣ በ«ቤ» ቀለበት ሆኖ ከእግሩ ሥር። የሶማሊኛ ጽሑፍ የለመደውም ልጅ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

«ሀ፣ ሐ እና ኀን ገና ከጅምሩ ካልለየ የፊደል ግድፈት ይለምዳል።»

ለማንበብ አንዱ ይበቃል። ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ይቅደሙ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ በሚያያቸው ቃላት ውስጥ ይምጡ፤ «ፀሐይ»ን ሲያነብ ሁለቱን በአንድ ቃል ያገኛቸዋል።