ከሙድ ቦርድ እስከ ስድስት ልብስ፦ ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

«ሙድ ቦርዱ ላይ ብዙ ፎቶ ባለ ቁጥር ሐሳቡ ይሰፋል»

አይሰፋም፣ ይበተናል። አርባ ፎቶ የተለጠፈበት ቦርድ የሚናገረው ባለቤቱ ገና እንዳልወሰነ ነው። ላሊበላ አለ፣ ኪሞኖ አለ፣ የዝናብ ጠብታ አለ፣ ከፒንተረስት የወረደ የሌላ ዲዛይነር ቀሚስም አለ። (ይሄኛው ቀድሞ ይነሳ። ያለቀ ልብስ እያያችሁ ከሠራችሁ የምታወጡት ያንኑ ልብስ ነው።)

ለምሳሌ ስድስት ልብስ ያለው የመመረቂያ ኮሌክሽናችሁ ጭብጥ «የሌሊት ዘበኛ» ነው እንበል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ የቆመውን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት። ጋቢውን ከካፖርቱ በላይ ደርቦ አንዱን ጫፍ ወደ ግራ ትከሻው ጥሎታል። ከላይ ሰፊና ክብ ነው፣ ከጉልበቱ በታች ግን ሁለት ቀጭን እግር ብቻ ይታያል። ትከሻው የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። እጁን ሲያወጣ ደግሞ የሚወጣው ከጎን ሳይሆን ከደረቱ መሀል ነው።

አሁን ከእያንዳንዱ ፎቶ ወደ ልብስ ሊለወጥ የሚችል አንድ ነገር ጻፉ። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ። እጅ ከፊት መሀል ይወጣል። ጠርዙ ወደ ግራ ትከሻ ይዞራል። ቀለሙ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጋቢ ነጭ፣ የካፖርት ካኪ፣ ትንሽ የዛገ የብረት በር። እንዲህ ያለ ነገር የማይወጣው ፎቶ ምንም ቢያምር ይውረድ። ስምንት ፎቶ ቢቀር በቂ ነው።

«ጭብጡ ልብሱ ላይ በግልጽ ካልታየ ማን ይገባዋል?»

ጀርባ ላይ ባትሪ ጠልፋችሁ፣ አንገት ላይ ፊሽካ ብታንጠለጥሉ ይገባዋል፣ ግን የሚያየው የቲያትር ልብስ ነው። ዲዛይነሩ ጆን ጋሊያኖ እ.ኤ.አ. በ1984 ለንደን ሲመረቅ ያቀረበው ኮሌክሽን መነሻው የፈረንሳይ አብዮት ዘመን ነበር። ዘመኑን ያሳየው በኮቱ፣ በሰደርያውና በሸሚዙ አቆራረጥ ነው። ብራውንስ የተባለው የለንደን ሱቅ ኮሌክሽኑን ገዝቶ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ጭብጥ መግባት ያለበት ፓተርኑ ውስጥ፣ ጨርቁ በሚቆረጥበት ንድፍ ላይ ነው።

«ስድስቱም ልብስ አንድ ቅርጽ ከሆነ ይሰለቻል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ሲልዌት ልስጠው»

ኮሌክሽን ከሚበላሽበት ምክንያት ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይሄንን ነው። አንዱ ልብስ ከወገቡ የተጣበቀ፣ አንዱ እንደ ድንኳን የሰፋ፣ አንዱ አጭር ጃኬት ከሆነ፣ ቀለማቸውን አንድ ብታደርጉት እንኳ ስድስት ሰው የሠራው ይመስላል። ዓይን ከሩቅ መጀመሪያ የሚይዘው ቅርጽን ነው። ስፌቱንና ጥልፉን የሚያየው ከቀረበ በኋላ ነው።

ክርስቲያን ዲዮር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1947 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ኮሌክሽኑን ሲያሳይ ያስተዋወቀው ሁለት መስመር ነበር። አንዱ «ኮሮል»፣ ወገቡ ቀጥኖ ጉርዱ እንደ አበባ የሚከፈተው፣ ሌላው «ስምንት»፣ የቁጥሩን ቅርጽ የያዘው። በኋላም በ1954 ኤች፣ በ1955 ኤ እና ዋይ እያለ በፊደል የሚጠሩ ቅርጾችን አወጣ። ያ ሁሉ ሠራተኛ ያለው ቤት በአንድ ወቅት አንድ ሁለት ቅርጽ ላይ ከቆመ፣ ስድስት ልብስ የሚሠራ ተማሪ ስድስት ቅርጽ ምን ያደርግለታል?

በዘበኛው ጭብጥ እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ። አራቱ ልብስ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ። ሁለቱ ደግሞ ጋቢው ሲወልቅ የሚቀረው ካፖርት፣ ቀጥ ያለና ረጅም። እንዳይሰለች የምትለዋውጡት ሌላውን ነው። ስፋቱ አንዱ ላይ ትከሻ ላይ ይሁን፣ አንዱ ላይ ክንድ ላይ ይውረድ። ርዝመቱ ከወገብ እስከ ጉልበት ይቀያየር። ከፊት መሀል የሚወጣው እጅ ግን ቢያንስ አራቱ ላይ ይደገም፣ ካፖርቱ ላይም እንደ ኪስ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አንዱን ከአንዱ የሚያያይዘው እንዲህ ያለው ድግግሞሽ ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ስድስቱንም በአንድ ወረቀት ላይ፣ በእኩል ቁመት፣ ጎን ለጎን ሣሉና ውስጣቸውን በጥቁር ሙሉ። ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ሦስት ሜትር ያህል ራቁ። የማይመስለው ራሱን ያጋልጣል። ሁለቱ ጭራሽ ካልተለዩ ደግሞ አንዱ ትርፍ ነው።

«በአቡጀዲ ሞክሬ ከሆነልኝ በዋናውም ጨርቅ ይሆናል»

ለካፖርቱ፣ አዎ፣ ብዙም አይርቅም። ለጋቢው ክፍል ግን አቡጀዲ ያሳስታችኋል። አቡጀዲ ቀለል ያለና ደረቅ ስለሆነ ስፋቱን ወደ ውጭ ይዞ ይቆማል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ከባድና ለስላሳ፣ ስለዚህ ያው ፓተርን ተንሸራቶ ይወርዳል። በአቡጀዲ ክብ የነበረው ትከሻ በጋቢ ሲሰፋ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ በአቡጀዲ የአንገቱንና የእጅ መውጫውን ልክ አውጡ፣ ከዚያ ግን የላይኛውን ክፍል ብቻ በአሮጌ ጋቢ ድገሙት። ሞዴሏን አስቀምጡ፣ እጇን አስነሱ። ቆማ ብቻ የሚያምር ልብስ ገና አላለቀም።

«ጨርቁ መጨረሻ ላይ ይገዛል፣ መጀመሪያ ዲዛይኑ ይለቅ»

ከሱቅ ተቆርጦ ለሚሸጥ ጨርቅ ይሄም አደገኛ ነው፣ ለሸማ ግን ፈጽሞ አይሠራም። ሸማኔው መወርወሪያውን በእጁ ከጎን ወደ ጎን ስለሚወረውር የጨርቁ ወርድ በክንዱ የተወሰነ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ያንሳል። ጋቢ ራሱ መሀሉ ላይ የተሰፋው ለዚህ ነው። የእናንተ ጀርባ 130 ሴንቲ ሜትር ወርድ ከፈለገ ከአንድ ቁራጭ አይወጣም፣ መሀል ጀርባ ላይ መጋጠም አለበት። እንግዲያው ስፌቱን አትደብቁት። ካኪው ላይም ባያስፈልግ እንኳ ያንኑ መሀል ስፌት ድገሙት፣ ስድስቱን የሚያገናኝ አንድ ነገር በነፃ አገኛችሁ።

ጥለቱም እንዲሁ። ጫፍ ላይ አብሮ የሚሸመን ስለሆነ እንደ ሪባን በፈለጋችሁበት አይቀመጥም። ወደ ግራ ትከሻ የሚዞረው ጠርዝ ጥለት እንዲሆን ካሰባችሁ፣ ያ የፓተርኑ ጠርዝ በጨርቁ ጫፍ ላይ መዋል አለበት። ስለዚህ ሽመናው ሳይጀመር ስንት ጥለት ያለው ጫፍ፣ በምን ያህል ርዝመት እንደምትፈልጉ ለሸማኔው ንገሩት።

ርዝመቱን ስትነግሩት ማጠሩንም ቁጠሩ። መጀመሪያ ከዚያው ክር የተሸመነ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና እጠቡና አድርቃችሁ ለኩ። በድሩ አቅጣጫ 47 ከሆነ ስድስት በመቶ አጥሯል ማለት ነው። የፊት ቁራጫችሁ 110 ቢሆን፣ ለስፌት አራት ጨምሩ፣ 114። ይህን ለ0.94 አካፍሉት፣ 121 ይመጣል። 125 እዘዙ። ሲመጣ ከመቁረጣችሁ በፊት ሁሉንም እጠቡ። ሳይታጠብ የተሰፋ ሸማ ከካኪ ጋር ተጋጥሞ ከታጠበ ሸማው ሲሰበሰብ ካኪው ይቀራል፣ ስፌቱም ይጨማደዳል።

«ጊዜ ከተረፈኝ ሰባተኛ ልጨምር»

የተረፈውን ጊዜ ለእጥፋቱና ለገበሩ ስጡት። ሰባተኛውን ማየት ከፈለጋችሁ ያንን ጥቁር የተሞላውን ወረቀት አውጡና እዚያው ላይ ሣሉት። ከስድስቱ አንዱን ካልተካ ወረቀቱ ላይ ይቅር።